ትኩሳቱ ሲበርድ የሚበሳ አንጀት፦ «ታይፎይድ ተራ የሆድ ሕመም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ታይፎይድ ከሌላው የሆድ ሕመም የተለየ ነገር የለውም። የተበከለ ነገር የበላ ሰው ያስቀምጠዋል፤ ካላስቀመጠው ታይፎይድ አይደለም። ምርመራውም ቀላል ነው፤ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ካለ በሽታው አለ ማለት ነው። መድኃኒት ተጀምሮ ትኩሳቱ ከበረደ በኋላ አንጀት ላይ የሚመጣ አደጋ የለም። የዳነ ሰውም ለሌላ አያሰጋም። የምንጭ ውሃ አፈርና ጠጠር አጣርቶት ስለሚወጣ ጥርት ብሎ ከታየና ሽታ ከሌለው ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ዛሬ ክትባት ስላለ የመጸዳጃ ቤትና የውሃ ነገር የድሮ ወሬ ነው።»

ስድስት ነጥቦች ናቸው፤ በተጻፉበት ቅደም ተከተል እሄድባቸዋለሁ። የሦስተኛውና የአምስተኛው ምላሽ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ሰው የሚገድሉት ስሕተቶች እነዚያ ናቸውና። በስድስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ አብረን እንሄዳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ተቅማጡ

በሽታው በአንጀት ይገባል እንጂ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ አይቀርም። ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለው ባክቴሪያ ከምግብ ወይም ከውሃ ጋር ይዋጣል፤ የጨጓራን አሲድ ካለፈ በኋላ የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ላይ ሲደርስ ግድግዳውን አልፎ ይገባል። እዚያ የፔየር ንጣፎች የሚባሉ፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደ መንደር የተሰባሰቡባቸው ሞላላ ቦታዎች አሉ። ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚያጠፉ ሕዋሳት ባክቴሪያውን ይውጡታል። ሌላው ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባለቀ ነበር። ታይፊ ግን በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ሳይሞት ይራባል፤ አሳዳጁን መጓጓዣ ያደርገዋል። በእነዚሁ ሕዋሳት ተሸክሞ ወደ ጉበት፣ ወደ ጣፊያና ወደ አጥንት መቅኔ ይሄድና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ሥራውን ይሠራል።

ትኩሳቱ የሚጀምረው ባክቴሪያው ከእነዚህ መደበቂያዎች ወጥቶ በብዛት ወደ ደም ሲመለስ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የያዘው ነገር መላ ሰውነትን ያዳረሰ የደም ሕመም ሆኗል። ትኩሳቱ እንደ ደረጃ ከቀን ቀን ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ አንዳንዴም ደረቅ ሳል ይኖራል። ሆዱስ? በአዋቂዎች ዘንድ የሆድ ድርቀት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተቅማጥ በሕፃናት ላይ ይበረታል። በጽሑፉ መመዘኛ ከሄድን ሳምንት ሙሉ በትኩሳት የነደደና ሆዱ የደረቀ ሰው «ታይፎይድ የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ስሙም የራሱን ጥፋት ጨምሯል። «ታይፎይድ» ማለት ታይፈስን የሚመስል ማለት ነው፤ በአማርኛም ሁለቱን «ተስቦ» በሚለው ቃል አንድ ላይ ስንጠራቸው ኖረን፣ ይኸኛውን ለመለየት «የአንጀት ተስቦ» አልነው። ታይፈስ በቅማል የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ገርሃርድ እ.ኤ.አ. በ1837 ሁለቱን የለያቸው የሞቱትን ሰዎች አስከሬን ከፍቶ አንጀታቸውን በማየት ነበር፦ በታይፎይድ የሞቱት የፔየር ንጣፎቻቸው አብጠውና ቆስለው ተገኙ፤ የታይፈሶቹ አንጀት ንጹሕ ነበር። ይህን ቁስል ልብ ይሏል፤ በሦስተኛው ነጥብ ላይ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ዊዳል

ይህ ምርመራ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ችግሩ ከዚሁ ይነሳል። ፀረ እንግዳ አካል ለመመረት ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በሽታው እያለ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። አንዴ ከተመረተ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም፤ ከዓመት በፊት ታምሞ የዳነ ሰው ዛሬ በሌላ ምክንያት ቢያተኩሰው ዊዳሉ «አለ» ሊል ይችላል። ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሸከሙ ያሳስቱታል።

ይህ በቁጥር ምን ያህል እንደሚያስት ለማየት ምሳሌ ልሥራ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው። ትኩሳት ይዟቸው ከመጡ 1000 ሰዎች መካከል 50ዎቹ በእርግጥ ታይፎይድ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ100 በሽተኞች 70ውን የሚይዝ፣ ከ100 በሽታው የሌለባቸው ሰዎች ደግሞ 80ውን በትክክል ነፃ የሚል ይሁን። ከ50ዎቹ 35ቱን ይይዛል። ከቀሪዎቹ 950 ሰዎች ግን 190ውን «ታይፎይድ አለባችሁ» ይላቸዋል። በድምሩ 225 ሰዎች ፖዘቲቭ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ፤ በእርግጥ የታመሙት 35 ብቻ ናቸው፤ ከስድስት አንድ ያህል መሆኑ ነው። የቀሩት ሰዎች ለሌላቸው በሽታ መድኃኒት ይወስዳሉ። የባሰው ደግሞ ያላቸው በሽታ፣ ወባም ይሁን ሌላ፣ ሳይፈለግ መቅረቱ ነው።

የሚታመነው ምርመራ ደምን አሳድጎ ባክቴሪያውን ራሱን ማግኘት ነው፤ በተለምዶ ብለድ ካልቸር የሚባለው። እሱም ቢሆን ከአሥር በሽተኞች አራት ያህሉን ሊስት ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም። ከአዋቂ ሰው ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ተቀድቶ አሥር ሚሊ ሊትር የሚጠይቀው ጠርሙስ ውስጥ ከገባ፣ አንድም ባክቴሪያ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ደሙ መቀዳት ያለበትም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው። የአጥንት መቅኔ ናሙና የበለጠ ይይዛል፤ ነገር ግን አሳማሚ ስለሆነ ለከበደ ጉዳይ ይቀመጣል። ካልቸር በሌለበት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ምልክቶችን አይቶ መወሰን ግዴታው ይሆናል፤ በዚህ አልወቅሰውም። የምወቅሰው አንዲት የዊዳል ወረቀት ፍርድ ሰጪ ስትሆን ነው።

ሦስተኛ፣ ትኩሳት ከበረደ በኋላ ስላለው አደጋ

ከሁሉ በላይ እንዲታረም የምፈልገው ይህ ነው።

ባክቴሪያው ጉበት ከደረሰ በኋላ በሐሞት ውስጥ ይራባል፤ ሐሞቱ ደግሞ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈሳል። ስለዚህ ባክቴሪያው ወደ ፔየር ንጣፎች ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ነው፣ ንጣፎቹም ከመጀመሪያው ጉብኝት የተነሳ ነቅተው ይጠብቁታል። ትግሉ የሚካሄድበት ሥጋ ያብጣል፤ የደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፤ ሥጋው ይሞታል፤ የሞተው ሥጋ ተቀርፎ ሲወድቅ ቁስል ይቀራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ቁስሉ ከሁሉ የሚጠልቀው ሕመሙ ከጀመረ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ በተለይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሞተን ሥጋ ግን ሕይወት አይዘራበትም። ዘግይቶ መድኃኒት የጀመረ ሰው ትኩሳቱ እየወረደ ሳለ አንጀቱ ውስጥ ያለው ቁስል የራሱን የጊዜ ሰሌዳ ተከትሎ መጥለቁን ሊቀጥል ይችላል።

ቁስሉ የደም ሥር ከበላ ይደማል፤ ግድግዳውን ጨርሶ ካለፈ አንጀቱ ይበሳል። መድማት ከ100 በሽተኞች እስከ 10 ባሉት ላይ ይታያል፤ አብዛኛው ቀላል ነው። መበሳት ከ100 ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንጀት ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ሲፈስ የቀረው ጊዜ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

በሽተኛውን በዓይነ ሕሊናችን እናስብ፤ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ዐሥር ቀን ያህል በቤቱ የራስ ምታት ክኒን እየዋጠ ቆየ። በ11ኛው ቀን ሐኪም አይቶት በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጀመረለት። በዚያን ቀን ሙቀቱ 39.6፣ የልቡ ምት 88 ነበር። ይህ ራሱ የሚገርም ነው፤ እንዲህ ያለ ትኩሳት ያለበት ሰው ልቡ በደቂቃ ከ110 በላይ ይመታል ተብሎ ይጠበቃል። በታይፎይድ አንዳንዴ ልብ ከትኩሳቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁልጊዜ ግን አይታይም። በትክክለኛ መድኃኒትም ትኩሳቱ ለመውረድ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ስለሚፈልግ በ13ኛው ቀን ሙቀቱ ገና 38.7 ነው። በ15ኛው ቀን ማለዳ ሙቀቱ 36.3 ሆኖ ተገኘ። እናቱ «ተመስገን፣ በረደለት» አሉ።

የማታ ተረኛዋ ነርስ ግን ከሙቀቱ ጎን ያለውን ሌላውን ቁጥር አየች፤ የልቡ ምት 132 ሆኗል። በሙቀት መከታተያው ወረቀት ላይ የወረደው የሙቀት መስመርና የወጣው የልብ ምት መስመር ተሻግረዋል። ሲጠየቅ ሌሊት ላይ በቀኝ በኩል ከእምብርቱ በታች ድንገት ወግቶት እንደነበር፣ ከዚያ ሕመሙ ሆዱን ሁሉ እንዳዳረሰው ተናገረ። ሆዱ ሲነካ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ከንፈሩ ገርጥቷል፤ ላብ አልቦታል፤ መተንፈስ እንኳ ሆዱን ስለሚያንቀሳቅስበት በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል። ቁጭ ብሎ በተነሳው ራጅ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ድያፍራም ሥር ከአንጀቱ ያመለጠ ቀጭን የአየር ጥላ ታየ። አየሩ ባይታይም መበሳት የለም ማለት አይደለም፤ የሐኪሙ እጅ ከራጁ ይቀድማል።

ሕመሙ የትርፍ አንጀት ሊመስል ይችላል፤ ቦታቸው ይቀራረባልና። ሆዱ ሲከፈት ግን ቀዳዳው የሚገኘው ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር ከሚገናኝበት አካባቢ ወደ ኋላ ባሉት 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ አንጀቱን ከጀርባ ጋር ከሚያያይዘው ሽፋን በተቃራኒው ጎን ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የፔየር ንጣፎች የተዘረጉት በዚያ ጎን፣ በአንጀቱ ርዝመት ነው። ቀዳጁ ሐኪም አንድ ቀዳዳ አግኝቶ አያቆምም፤ ሁለትና ሦስት ሊኖር ስለሚችል ቀጥሎ ያለውን አንጀት ሁሉ በጣቱ እየዳሰሰ ያያል። ቀዳዳውን ይሰፋል ወይም የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ ያወጣል፤ የሆድ ዕቃውን ያጥባል። ያለ ቀዶ ሕክምና በመድኃኒት ብቻ መጠበቅ በሽተኛውን በዓይን እያዩ ማጣት ነው።

የመድማቱ መልክ ደግሞ ይለያል። ሙቀት ይወርዳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሰውየው ይገረጣል፤ እስከዚህ ድረስ ከመበሳት ጋር አንድ ናቸው። ሆዱ ግን ለስላሳ ነው፤ ቆይቶም ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ወይም ቀይ ሰገራ ይወጣል።

እንግዲህ ትኩሳት መውረዱ ደስ የሚያሰኘው ልብም አብራ ስትረጋጋ፣ ሆድም ለስላሳ ሆኖ ሲቆይ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሆድ ደረቀ ተብሎ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት ወይም በፊንጢጣ ማጠብ የሳሳውን ግድግዳ መገፍተር ይሆናል። ቀናት ከተረጋጉ በኋላ ትኩሳቱ ዳግም ቢመጣም ሊያስገርም አይገባም፤ ከ100 በሽተኞች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት፣ መድኃኒት ከተጨረሰ ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ በሽታው ያገረሻል።

አራተኛ፣ ስለ ዳነ ሰው

ታይፊ በእንስሳ አይኖርም። ከሰው አንጀት ወጥቶ ወደ ሰው አፍ የሚገባ ነው፤ ሌላ ማደሪያ የለውም። ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ የት ይቆያል ቢሉ፣ የሚቆየው በዳኑ ሰዎች ሐሞት ከረጢት ውስጥ ነው። በበሽታው ከተያዙ ከ100 ሰዎች ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት ከዓመት በኋላም ባክቴሪያውን በሰገራቸው ያስወጣሉ። በሴቶችና የሐሞት ጠጠር ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ባክቴሪያው በጠጠሩ ላይ ተለጥፎ ቀጭን ሽፋን ይሠራል፣ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። ሰውየው አያተኩሰውም፣ አያመውም፤ በአንድ ግራም ሰገራው ግን ሚሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል።

በአሜሪካ የታወቀችው ሜሪ ማሎን ምግብ አብሳይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1906 በጋ በአንድ ቤት ከሚኖሩ 11 ሰዎች 6ቱ ታመሙ፤ ጆርጅ ሶፐር የተባለ የንጽሕና መሐንዲስ ነገሩን ሲመረምር ከዚያ በፊት የሠራችባቸው ቤቶችም ተመሳሳይ ታሪክ እንዳላቸው አገኘ። ሴትየዋ ታምሜ አላውቅም ብላ ትከራከር ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ የምትናገረው ከልቧ ነበር። ከ1907 እስከ 1910 ተለይታ እንድትኖር ተደረገች፤ ዳግመኛ ምግብ እንዳታበስል አስምለው ለቀቋት፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ስሟን ቀይራ በአንድ የወሊድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ ተገኘች። እዚያ 25 ሰዎች ታመው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተችበት እስከ 1938 አልተለቀቀችም። ለእሷ የተደረገው ፍትሕ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፦ በሰፊው የሚነገርለት ምግቧ በጥሬ ፍራፍሬ የተሠራ አይስክሬም ነበር። የምታበስለው ነገር በእሳት ላይ ሲፈላ ባክቴሪያው ይሞታል፤ በእጇ የነካችው ጥሬ ነገር ግን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ከታይፎይድ ሲያገግም «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። ሕመሙ ከጀመረ ወር ካለፈው በኋላ፣ መድኃኒቱንም ካቆመ ቢያንስ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ሦስት የሰገራ ናሙናዎች ባክቴሪያ የሌለባቸው መሆኑ ይረጋገጣል። ተሸካሚ ሆኖ ከተገኘም በሳምንታት የሚቆጠር ሕክምና አለው፤ የሐሞት ጠጠር ካለ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣትም ይታሰባል።

አምስተኛ፣ ስለ ጥርት ያለው ምንጭ

ለዚህ ነጥብ ከእኔ ቃል ይልቅ ከ150 ዓመት በፊት የሆነ ነገር ይመልስ።

በሰሜን ስዊዘርላንድ ላውዘን የሚባል፣ በዚያን ጊዜ 800 ያህል ነዋሪ የነበረው መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 በመንደሩ ከኮረብታው ሥር የሚወጣ ምንጭ በቧንቧ ተጠልፎ ለነዋሪው ይደርስ ነበር፤ ስድስት ቤቶች ብቻ የራሳቸውን ጉድጓድ ይጠቀሙ ነበር። በዚያ ዓመት በነሐሴ መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ዐሥር ያህል ሰው አተኮሰው፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ 57 ሆኑ፤ በጠቅላላው 130 ሰዎች ታመሙ። በስድስቱ ቤቶች ግን ማንም አልታመመም።

ምንጩ ጥርት ያለ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? ከኮረብታው ማዶ ባለ ሸለቆ ውስጥ ብቻውን የቆመ የገበሬ ቤት ነበር። ገበሬው ከመንገድ ተመልሶ በሰኔ ወር በታይፎይድ ወድቋል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። የቤቱ መጸዳጃና የልብስ እጣቢ የሚወርደው በአጠገቡ ወደሚያልፍ ጅረት ነው። በሐምሌ አጋማሽ ሰዎች የጅረቱን ውሃ ጠልፈው ሣር ያጠጡ ጀመር። ውሃው በመስኩ ላይ ሲንጣለል ከኮረብታው በዚህ በኩል ያለው የላውዘን ምንጭ ጨመረ። ሣሩ መጠጣት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መንደሩ ታመመ፤ ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ከሚደበቅበት ጊዜ ጋር የሚገጥም ነው።

ጉዳዩን የመረመረው ሐኪም ሐግለር ይባላል። በሸለቆው በኩል ውሃ ወደሚሰምጥበት ቀዳዳ ብዙ ጨው አሟሙቶ አፈሰሰ፤ በላውዘን ያለው ውሃ ጨው ጨው አለ። መንገዱ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ዱቄት በውሃ በጥብጦ በዚያው ቀዳዳ ጨመረ፤ በላውዘን አንዲት የዱቄት ብናኝ አልወጣችም። ኮረብታው ዱቄቱን አጥርቶ አስቀርቶታል። ታይፎይዱን ግን አሳልፏል። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ የታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ስለሆነ ሐግለር ምን እንዳለፈ አላወቀም፤ እኛ ግን የታይፊ ርዝመት ጥቂት ማይክሮሜትር እንደሆነ እናውቃለን። ውሃ የሚያጠራ አፈር ለዓይን የሚታየውን ያስቀራል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ መቶ ሺህ ባክቴሪያ ቢዋኝ ውሃው አይደፈርስም፣ አይሸትም፣ ጣዕሙም አይለወጥም።

ከዚህ ተነስቶ መጸዳጃ ቤት ከውሃ ጉድጓድ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። በተለምዶ የሚሰጠው መለኪያ ቢያንስ 30 ሜትር፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ደረጃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ የሚል ነው። ይህ ለደቃቅ አፈር ይበቃል፤ በደቃቅ አፈር ውሃ በዝግታ ይጓዛል፣ ባክቴሪያውም በመንገድ ይሞታል። ስንጥቅ ባለው አለት ላይ ግን 30 ሜትር ምንም አይደለም፤ በላውዘን በመካከል ያለው ኮረብታ ራሱ አልበቃም። ከዝናብ ወይም ከመስኖ በኋላ የሚጨምር ወይም የሚደፈርስ ምንጭ ካለ፣ ከላይ ያለ ውሃ ሳይጣራ እየገባበት ለመሆኑ ምልክት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማፍላት አስተማማኝ ነው። ውሃው ትልልቅ አረፋ እያወጣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሦስት ደቂቃ ይሁን። በከፍታ ቦታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች መፍላቱ ማፍላትን ከንቱ አያደርገውም፤ ታይፊ ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ይሞታል። የማፍላት ድክመቱ ሌላ ነው፦ የቀዘቀዘ ውሃ ምንም ጠባቂ የለውም። አንድ ሰው ባልታጠበ እጅ የያዘውን ኩባያ ቢያጠልቅበት ድካሙ ሁሉ ገደል ገባ።

ክሎሪን በውሃው ውስጥ ስለሚቆይ በዚህ ይሻላል። ስሌቱም ከባድ አይደለም። 20 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ አለን እንበል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ስለምንፈልግ በጠቅላላው 40 ሚሊ ግራም ነው። በጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል። ስለዚህ 0.8 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በመርፌ ሲሪንጅ ቢለካ ይመረጣል። ሽታ ማሳመሪያ ወይም ሳሙና የተጨመረበት በረኪና ለዚህ አይሆንም። ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ ለ30 ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል። ሲከፈት ቀላል የክሎሪን ሽታ ካለው ሥራውን ሠርቷል፤ ጨርሶ ከሌለው ክሎሪኑ በቆሻሻው አልቋልና ያንኑ መጠን ደግሞ መጨመርና እንደገና 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። መለኪያ ያለው ሰው በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን ማግኘት አለበት።

ክሎሪን የሚከሽፈው በሁለት ምክንያት ነው። ውሃው ከደፈረሰ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ትቶ ከጭቃው ጋር ይጠመዳል፤ ስለዚህ ውሃው ረግቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ መጠኑም እጥፍ፣ ማለትም 1.6 ሚሊ ሊትር ይሁን። ሁለተኛው ምክንያት በረኪናው ራሱ ነው፤ ለወራት ፀሐይ ላይ የቆመ ጠርሙስ ላይ 5 በመቶ ተብሎ ቢጻፍም ውስጡ ያለው ከዚያ ያነሰ ነው። ውሃው የሚቀመጥበትም አፉ ጠባብ፣ ከተቻለ ቧንቧ ያለው ዕቃ ቢሆን እጅ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም።

ስድስተኛ፣ ስለ ክትባቱ

ክትባቱን እደግፋለሁ። አዲሱ ዓይነት ከስድስት ወር ዕድሜ ጀምሮ በአንድ መርፌ ይሰጣል፤ በሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከአሥር ሊታመሙ ከነበሩ ልጆች ስምንት ያህሉን አድኗል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በፓኪስታን ሲንድ ግዛት ሴፍትሪያክሶንን ጨምሮ አብዛኞቹን መድኃኒቶች የተቋቋመ ታይፎይድ ሲነሳ፣ አገሪቱ በ2019 ክትባቱን ወደ መደበኛ መርሐ ግብር ያስገባችው በቂ ምክንያት ስለነበራት ነው። እስከዚህ ድረስ ከጽሑፉ ባለቤት ጋር ነኝ።

ነገር ግን ክትባቱ የተሸካሚውን ሐሞት ከረጢት አያጸዳም። ፓራታይፎይድ የሚባለውንና ምልክቱ ተመሳሳይ የሆነውን የቅርብ ዘመድ አያስቆምም። ደግሞም የሚዋጠው የባክቴሪያ ብዛት ሲጨምር የመታመም ዕድል እንደሚጨምር በፈቃደኞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል፤ በጣም በተበከለ ውሃ ፊት መከላከያ ያለው ሰው እንኳ ሊረታ ይችላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል የቺሌ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ታሳያለች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ የተጣራ የቧንቧ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ታይፎይድ ግን አልጠፋም። በ1980ዎቹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች በሚዋጥ ክትባት ሙከራ ተሳተፉ፤ ጥቅም አገኙበት፣ በሽታው ግን ከከተማዋ አልወጣም። መንገዱ ሌላ ቦታ ነበር፦ የከተማዋ ፍሳሽ ሳይታከም ወደ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ውሃ ጥሬ የሚበሉ አትክልቶች ይለማሉ፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ማዕድ ይመጣል። በ1991 ኮሌራ ወደ አካባቢው ሲደርስ መንግሥት ደንግጦ ጥሬ የሚበሉ አትክልቶች በፍሳሽ እንዳይጠጡ ከለከለ። ርምጃው የታሰበው ለኮሌራ ነበር። የታይፎይድ ቁጥር ግን በዚያው ዓመት ቁልቁል ወረደ።